ጀርባውን ያሳዩኝ

ሰው ዕቃ በሚሸጥበት ጊዜ ዕቃውን በመልካም ፊቱ ማቅረቡ ጥንትም የነበረ ልማድ በመሆኑ፣ በዛሬው ዘመን ያገለገለ ቴሌቪዥን በቴሌግራም የሚሸጡ ወንድሞቻችን መስኮቱን አብርተው፣ በመስኮቱም ላይ ወይ ወርቃማ ዓሣ፣ ወይ የሚንጠባጠብ ማር፣ ወይ ክንፉን የዘረጋ በቀቀን አሳይተው ፎቶግራፍ ማንሣታቸው በእነርሱ የተጀመረ ኃጢአት ነው ለማለት አልደፍርም። ነገር ግን ይህን የመሰለው ፎቶግራፍ ለገዢ የሚሰጠው ዕውቀት ቢኖር ዓሣው ጤነኛ መሆኑን ብቻ ነው። የበራ መስኮት በስልክ ሲነሣ ቀለሙን የሚያሳምረው ካሜራው ነውና፣ ያም ፎቶግራፍ ደግሞ ወደ እኛ መጥቶ የሚታየው በገዛ ስልካችን መስኮት ነውና፣ «እንዴት ያለ ጥራት ነው!» ብለን ስንደነቅ በእውነቱ የምናደንቀው በኪሳችን ይዘነው የምንዞረውን፣ ዋጋውንም ቀደም ብለን የከፈልንበትን ስልክ ነው።

ስለዚህም በመንደራችን ቴሌቪዥን ሊገዛ ያሰበ ሰው ስልኩን ይዞ ወደ እኔ በሚመጣበት ጊዜ፣ አስቀድሜ የምናገረው ቃል ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ጀርባውን ያሳዩኝ» እላለሁ። እኔ የቴሌቪዥን ጠጋኝ አይደለሁም፤ ለዚህ ማዕርግ ያበቃኝ ነገር ቢኖር፣ ሰው ቤት በእንግድነት ስገባ እንደ ጨዋ ሰው ወንበሬ ላይ መቀመጥ ትቼ ቴሌቪዥኑ ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት ጠባብ ሥፍራ አንገቴን ማስገባት የሚያስደስተኝ መሆኑ ብቻ ነው፤ ይህም ጠባዬ ከባለቤቴ ዘንድ አያሌ ተግሣጽ አስከትሎብኛል። ይሁን እንጂ ያ ጠባብ ሥፍራ ጉባኤ ቤት ሆኖልኛል። የአንድምታ መምህር አንዱን ቃል ይዞ በብዙ ወገን እንደሚፈታው፣ ከቴሌቪዥን ጀርባ ያለው አንዱ ቀዳዳም አንድም የተሠራበትን ዘመን፣ አንድም የተሠራለትን አገር፣ አንድም የሠሪውን ማንነት የሚናገር ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ከሁሉ አስቀድሜ የምመለከተው የአንቴናውን መሰኪያ ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ቴሌቪዥን የአንቴና መሰኪያው ወደ ውጭ የወጣ፣ በዙሪያውም ጥርስ የተቀረጸበት፣ የገመዱ ጫፍ እየተጠመዘዘ የሚጠብቅበት ነው፤ ለአውሮፓና ለአብዛኛው የመካከለኛው ምሥራቅ ገበያ የተሠራው ግን ልሙጥ ሆኖ ገመዱ ተገፍቶ ብቻ ይገባበታል። ይህ ልዩነት ፎቶግራፉን በሁለት ጣት ዘርግቶ ለሚመለከት ሰው ሁሉ ወለል ብሎ የሚታይ ነው። ጥርስ ያለው መሰኪያ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም፤ ከዲሽ የሚመጣው ገመድ በሪሲቨራችን ጀርባ ላይ የሚጠመዘዘው በዚያው ዓይነት ነውና፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር እየፈታን እንደ ገና ስናጠብቀው የኖርነው እጃችን ያውቀዋል። እዚህ ላይ ግን አንድ መሰናክል አለ። በአውሮፓ የሚሸጡ አንዳንድ ቴሌቪዥኖች ሪሲቨሩ በሆዳቸው ውስጥ ስላለ፣ ልሙጡም ጥርሳሙም ጎን ለጎን ይገኙባቸዋል፤ ልሙጡ ለአንቴና፣ ጥርሳሙ ለዲሽ ነው። እንግዲህ ጥርሳሙ ለብቻው ቆሞ ሲታይ አሜሪካን መጠርጠር፣ ከልሙጡ ጋር ሲታይ ግን ወደ አውሮፓ ማዘንበል ይገባል። ከዚህም በላይ ማረጋገጫ የሚሻ ሰው፣ ሃያ አንድ ሽቦ የሚቀበለውን፣ አንድ ጎኑ የተሸረፈ የሚመስለውን፣ ፈረንሳዮች ያወጡትን ሰፊ መሰኪያ ስካርትን ይፈልግ፤ አለዚያም በጎን በኩል የክፍያ ጣቢያዎች ካርድ የሚገባበትን ረዘም ያለ ስንጥቅ ይፈልግ። እነዚህ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ላይ እምብዛም አይገኙም።

«የተሠራለትን አገር ማወቅ ምን ይረባል?» የሚል ሰው ቢኖር፣ በቨርጂኒያ የምትኖረውን የእኅቴን ልጅ ነገር ላጫውተው። ይህች ልጅ እግዚአብሔር ይስጣትና፣ የቤቷን ቴሌቪዥን በአዲስ ልትለውጥ ስታስብ አሮጌውን 65 ኢንች ለእናቷ በካርጎ ለመላክ ወስና ፎቶግራፉን በቤተ ዘመዱ መካከል በተነችው። ቤተ ዘመዱም የት እንደሚሰቀል፣ ማን እንደሚሰቅለው፣ ለመስቀያውም የትኛው የቅዱሳን ሥዕል ከግድግዳ መነሣት እንዳለበት መከራከር በጀመረበት ሰዓት፣ እኔ እንደ ልማዴ ጀርባውን እንድታሳየኝ ጠየቅሁ። «ጋሼ፣ ስጦታ እኮ ነው!» አለችኝ፤ ቅር መሰኘቷም ከድምፅዋ ያስታውቅ ነበር። ቢሆንም አነሣችው። መሰኪያው ጥርሳም ነበረ፤ ከመሰኪያዎቹ አጠገብ የተለጠፈው፣ የሞዴሉ ስምና የኤሌክትሪኩ ልክ የሚጻፍበት ትንሽ ስቲከርም «120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ» ብቻ ይል ነበር። የእኛ አገር መብራት ደግሞ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው።

ስለዚህ ስቲከር ጥቂት ልቆይ፤ ከቴሌቪዥን አካል ሁሉ እንደ እርሱ የሚታመን የለምና። «ከ100 እስከ 240 ቮልት» የሚል ከሆነ ቴሌቪዥኑ በየትኛውም አገር መብራት ያለ ሥጋት ይሠራል። 120 ብቻ የሚል ከሆነ ግን መቀነሻ ትራንስፎርመር ሳይኖር እዚህ አይሰካም። እርግጥ ነው፣ አንዳንድ ፋብሪካዎች ለዓለም ሁሉ አንድ ዓይነት የኃይል ሰሌዳ እያስገቡ ስቲከሩን ብቻ ለየአገሩ ስለሚለውጡ፣ 120 ተብሎ ተጽፎበት 220 ላይ በሰላም የሚኖር ቴሌቪዥን አለ፤ ነገር ግን ይህን ለማወቅ የሚደረገው ፈተና አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረግ ፈተና ነው፤ የወደቀም ቴሌቪዥን ሁለተኛ አይፈተንም። ልጅቱ ቴሌቪዥኑን እዚያው ሸጠችው፤ የካርጎውም ሒሳብ ከሽያጩ ጋር ተደምሮ በጥሬው መጣና የእኅቴ ቤት ጣራ በአዲስ ቆርቆሮ ተከደነ። እኅቴ እስከ ዛሬ ድረስ ዝናብ ሲመጣ ትመርቀኛለች፤ ኳስ በሚተላለፍበት ቀን ግን ልጆቿ አያናግሩኝም።

ዘመኑን ለማወቅ ደግሞ በኤችዲኤምአይ መሰኪያዎች ዙሪያ የተጻፉትን ጥቃቅን ፊደላት ማንበብ ያሻል። ከመሰኪያዎቹ በአንዱ አጠገብ «ኤ-አር-ሲ» የሚሉ ሦስት የላቲን ፊደላት የተጻፉ እንደሆነ፣ ቴሌቪዥኑ ድምፁን ሥዕሉ በገባበት በዚያው ገመድ ወደ ውጭ ድምፅ ማጉያ ሊመልስ የሚችል ነው ማለት ነው፤ ይህም ችሎታ እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው በአንድ ነጥብ አራተኛው የኤችዲኤምአይ ደንብ የመጣ በመሆኑ፣ ፊደላቱን የያዘ ቴሌቪዥን ከዚያ ወዲህ የተሠራ መሆኑ አያጠራጥርም። በፊደላቱ መነሻ ላይ አንዲት ትንሽ «ኢ» ከተጨመረች ደግሞ ደንቡ በ2017 የወጣው ነው፤ ቴሌቪዥኑም ገና ወጣት ነው። በአንጻሩ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቀይ የሆኑት ሦስት የሥዕል መሰኪያዎች ከሁለት የድምፅ መሰኪያዎች ጋር ተደርድረው፣ ቪጂኤውም ስካርቱም ሳይቀር የሞላበት ጀርባ የቀደመው ዘመን ጀርባ ነው። በሁለቱ ዘመናት መካከል ደግሞ ዕቃ መቆጠብ ተጀምሮ ስለነበር፣ ከሦስቱ አንደኛው መሰኪያ ዙሪያው ግማሹ አረንጓዴ ግማሹ ቢጫ ሆኖ ለሁለት ሥራ ሲያገለግል ይታያል፤ ይህን ባለ ሁለት ቀለም ቀለበት ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱን ግን አላውቅም። ሆኖም እነዚህ ምልክቶች ሲኖሩ ይመሰክራሉ እንጂ አለመኖራቸው ምስክር አይሆንም። ርካሽ ቴሌቪዥን ትናንት ተሠርቶ ሦስቱ ፊደላት ላይኖሩት ይችላልና።

አሁን ወደ መስኮቱ ዓይነት እንሂድ። በአገራችን ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ሁሉ «ፕላዝማ» መባሉ፣ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የተሰቀለው የትምህርት መስኮት ያወረሰን ልማድ ስለሆነ ሻጮችን በዚህ አልወቅስም፤ ይሁን እንጂ እውነተኛው ፕላዝማ ዛሬ አዲስ ሆኖ አይገኝም። ፓናሶኒክ በ2013፣ ሳምሰንግና ኤልጂ በ2014 መሥራታቸውን አቁመዋል። እንግዲህ ያቺ ትንሽ «ኢ» ያለችበትን ቴሌቪዥን ፕላዝማ ነው የሚል ሰው፣ ከሞተ ከጥቂት ዓመት በኋላ ልጅ የወለደ አባት እያሳየን ነው። እውነተኛው ፕላዝማ በፎቶግራፍም ሳይቀር ከባድነቱ ያስታውቃል፤ ጀርባው ሰፊ ቆርቆሮ ሆኖ ከዳር እስከ ዳር በአየር መተንፈሻ ስንጥቅ የተሞላ ነው፣ ፊቱ መስተዋት ስለሆነ ሲጠፋ የሻጩን ሳሎን ከነመጋረጃው መልሶ ያሳያል፣ በስቲከሩም ላይ የሚበላው ኃይል በመቶዎች በሚቆጠር ዋት ተጽፎ ይገኛል።

ኦሌድ የተባለውን ለመለየት ግን የጎን ፎቶግራፍ መጠየቅ ነው። በዚህ ዓይነቱ መስኮት እያንዳንዷ ነጥብ በራሷ የምትበራ እንጂ ከጀርባዋ የሚደገን መብራት የማትፈልግ በመሆኗ፣ በአብዛኞቹ የኤልጂ ኦሌዶች የላይኛው ክፍል ከአራት ሚሊ ሜትር እምብዛም የማይበልጥ ስስ ሰሌዳ ሆኖ፣ ኤሌክትሮኒኩና መሰኪያዎቹ ሁሉ በታችኛው ክፍል ወፍሮ በተሠራ ሣጥን ውስጥ ይሰበሰባሉ። ከላይ እጅግ ቀጭን፣ ከታች ሆዳም የሆነ ጎን ካየን በአመዛኙ ኦሌድ ነው። ኤልሲዲው ግን፣ ኤልኢዲ ተብሎ የሚሸጠውም ጭምር፣ ከጀርባው ወይም ከጠርዙ የሚያበራለት መብራት ስለሚሻ በአብዛኛው እስከ አናቱ ድረስ ውፍረት አለው። ይህ ግን ያለ ልዩነት የሚሠራ ሕግ አይደለም፤ ኤልጂ ራሱ ከ2020 ጀምሮ ለግድግዳ ባዘጋጃቸው ጥቂት ኦሌዶች ከላይ እስከ ታች ወጥ የሆነ፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት አድርጓል፤ እነዚህን በጎናቸው ብቻ የሚፈርድ ሰው ይስታል። የሳምሰንግን በተመለከተ የዘመን ቈጠራ ራሱ ይበቃል። ይህ ፋብሪካ በ2013 አንድ ጎባጣ ኦሌድ ለገበያ አቅርቦ ከዚያ በኋላ እስከ 2022 ድረስ ለቤት የሚሆን ኦሌድ አልሸጠም፤ በመካከሉ የሸጠው ኪውሌድ የተባለው፣ ስሙ ቢቀራረብም፣ መብራቱ ከጀርባው የሆነ ኤልሲዲ ነው። ስለዚህም «የ2018 ሳምሰንግ ኦሌድ» የሚል ማስታወቂያ ሳነብ ፎቶግራፉን እንኳ አልከፍትም።

ስለ እግር ብዙ አላወራም፤ እግር አፈኛ ምስክር ነውና፣ ሲናገር ብዙ ይናገራል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ከቤቱ የለም። ሳምሰንግ ከ2011 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት ከመካከለኛው አንገት ወደ አራት አቅጣጫ የተዘረጉ ብርማ ጣቶች ያሉት እግር ያበጅ ነበር፤ የኤልጂው የሲ መስመር ኦሌድ ከ2018 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት ድምፁን ወደ ተመልካቹ የሚመልስ ሰፊ ተዳፋት ብረት ነበረው፤ ሶኒ በ2017 ያወጣው የመጀመሪያው ትልቅ ኦሌድ ደግሞ ከፊት እግር የሌለው፣ ከጀርባው በተዘረጋ ምርኩዝ ወደ ኋላ ጋደል ብሎ የሚቆም ነው። እነዚህን ያየ ሰው ስም ሳይነገረው ያውቃል። ይሁን እንጂ በሁለት ዳር የቆሙ ሁለት ቀጫጭን እግሮች የዘመኑ ፋብሪካዎች ሁሉ የጋራ ሀብት በመሆናቸው ማንንም አያስታውቁም፤ እነርሱም ቢሆኑ ቤት በተለወጠ ቁጥር ይጠፋሉ፣ በምትካቸውም ከመርካቶ የተገዛ ለሁሉ የሚሆን እግር ይተከላል፣ ወይም ቴሌቪዥኑ ግድግዳ ላይ ይሰቀልና ያለ እግር ይቀራል። ከሠሪዎቹ ሁሉ በጀርባው ብቻ በሩቅ የሚታወቀው ፊሊፕስ ነው፤ ከ2004 ወዲህ በብዙ ቴሌቪዥኖቹ የጀርባ ጠርዝ ላይ ግድግዳውን በቀለም የሚያበሩ ትናንሽ መብራቶች ደርድሯልና።

የፊቱ ክፈፍም ቢሆን ፈጽሞ ዝም አይልም። እ.ኤ.አ. በ2008 እና በ2009 ሳምሰንግ አንዳንድ ቴሌቪዥኖቹን በጥቁሩ ክፈፍ ጠርዝ ውስጥ ቀይ ቀለም እየቀላቀለ አውጥቷቸው ስለነበር፣ ብርሃን በጎን ሲያርፍበት ወይን ጠጅ የሚመስል ክፈፍ ያለው ቴሌቪዥን ጥምቀቱን በዚያ ዘመን የተጠመቀ ነው። ስለ ዛሬዎቹ ጠርዝ የለሽ ስለሚባሉት ግን ገዢ ይህን ይወቅ፤ ጠፍቶ ሲነሣ እስከ ዳር መስኮት የሚመስለው ሲበራ ሥዕሉ ከዳር ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይጀምራል፣ በመካከሉም ጥቁር ድንበር ይታያል። ስሙን በተመለከተ፣ በእውነተኛው ላይ የሠሪው ስም ፊደላት በሥርዓታቸው ቀጥ ብለው የተቀመጡ ሲሆኑ፣ በሐሳዊው ላይ ተለጥፈው የመጡ ስለሆኑ ወይ አንደኛው ወገን ከፍ ይላል፣ ወይ የአንዱ ፊደል ጫፍ ተነሥቶ የካሜራውን ብርሃን ይመልሳል።

ይህን ሁሉ በአንድ ጉዳይ ላይ ለማየት የጎረቤታችንን የጋሽ ታደሰን ፎቶግራፎች ላቅርብ። ጋሽ ታደሰ ለፋሲካ ቴሌቪዥን ለመለወጥ ተነሥተው፣ «ሳምሰንግ፣ 55 ኢንች፣ ኦሌድ፣ 4ኬ፣ ከዱባይ የመጣ፣ በጣም ንጹሕ» የሚል ማስታወቂያ አግኝተው ስልካቸውን አመጡልኝ። የመጀመሪያው ፎቶግራፍ ዓሣ ነበረ። ሁለተኛው በእኔ ምክር ከሻጩ ተጠይቆ የመጣ የጀርባ ፎቶግራፍ ሲሆን፣ የሻጩ አውራ ጣት በስቲከሩ ላይ ተጋድሞ ነበር። ሻጩ ስቲከሩን የሚሸፍን ጣት ባይኖረው ኖሮ ምናልባት እጠራጠረው ነበር፤ አሁን ግን እርግጠኛ ሆንሁ።

አንቴናው ልሙጥ ነው፤ ስካርት የለም። እስከዚህ ድረስ ከዱባይ መጣ ማለቱ ከማስረጃው ጋር አልተጣላም። ኤችዲኤምአይ ሦስት ናቸው፤ በአንደኛው ላይ «ኤ-አር-ሲ» ተጽፏል፤ ከ2009 ወዲህ ነው። በአጠገቡ ግን አሥራ አምስት ቀዳዳ ያለው ሰማያዊው ቪጂኤ ተቀምጧል፤ ከእርሱ ቀጥሎ ቢጫ፣ ነጭና ቀይ፤ ከዚያም ቀጥሎ ድምፅ የሚያወጣ ብቸኛ ክብ መሰኪያ፣ በላዩም «ኮአክስ» የሚል ጽሑፍ አለ። ይህ ነገር ነው የሻጩን ቃል ያፈረሰው። ሳምሰንግ ለቤት በሚሠራቸው 4ኬ ቴሌቪዥኖች ላይ ቪጂኤ አያኖርም፤ ዲጂታል ድምፅንም የሚያወጣው ከሆነ ትንሽ መዝጊያ ባላት አራት ማዕዘን የብርሃን መሰኪያ ነው እንጂ በክቡ ኮአክስ አይደለም። ቪጂኤና ኮአክስ በአንድ ረድፍ ተሰልፈው ሲገኙ፣ በውስጡ ያለው ለማንኛውም መስኮት የሚሆን፣ በርካሽ የሚሸጥ አንድ ዓይነት ሰሌዳ ነው፤ በፊቱም ላይ የገጣጣሚው ልብ የወደደው ስም ይለጠፍበታል። ገመዱ ከጀርባው በቀጥታ መውጣቱን ጋሽ ታደሰ አስተውለው ነበር፤ ይህ ግን ብቻውን አያስፈርድም፣ በአንዳንድ እውነተኛ ቴሌቪዥን ላይም ይገኛልና።

ውፍረቱ እስከ አናቱ ድረስ ስለሚታይ ኦሌድ አለመሆኑን ቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ። የቀረው ልኩ ነበር። በጀርባው ላይ ለግድግዳ መስቀያ የተዘጋጁት አራት የብሎን ቀዳዳዎች በዓለም ሁሉ በታወቀ ልክ የሚቀመጡ፣ በመካከለኛ ቴሌቪዥን ላይም በአግድም አብዛኛውን ጊዜ ወይ 200፣ ወይ 300፣ ወይ 400 ሚሊ ሜትር የሚራራቁ በመሆናቸው፣ በፎቶግራፉ ውስጥ ያለ ማስመሪያ ናቸው። ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ወደ ኋላ የዞረውን የኤችዲኤምአይ አፍ ተመለከትሁ፤ ስፋቱ 14 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በቀዳዳዎቹ መካከል አሥራ አራት ያህል የኤችዲኤምአይ አፍ ሊሰለፍ እንደሚችል በወረቀት ጠርዝ ለክቼ ስላገኘሁ፣ ርቀቱ 200 ነው። ቀጥሎም ከዳር እስከ ዳር የቴሌቪዥኑ ወርድ የዚህን ርቀት አምስት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ጎድሎት አገኘሁት፤ ይህም 97 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። 55 ኢንች የሆነ ቴሌቪዥን ወርዱ ከ120 ሴንቲ ሜትር በላይ ሲሆን፣ በ95 እና በ97 መካከል የሚውለው 43 ኢንቹ ነው። ፎቶግራፉ ከጎን የተነሣ ቢሆን ኖሮ ይህ ስሌት ያሳስት ነበር፤ የሻጩ ጣት ቢያጠፋም ካሜራው ግን ፊት ለፊት ቆሞ ስለነበር ተማመንሁበት።

«ታዲያ ሌባ ነው በለኛ!» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«ሌባስ አልልም፣ ጋሽ ታደሰ፤ ከቃሉ ሁሉ አንዱን እውነት ተናግሯል፤ ከዱባይ ሳይመጣ አልቀረም።»

ጋሽ ታደሰም በእኔ ፊት ደወሉለት። በጡረታ እስኪወጡ ድረስ ፍርድ ቤት በጽሕፈት ሥራ ያገለገሉ ሰው በመሆናቸው፣ የቀዳዳዎቹን ርቀት፣ የቪጂኤውን መገኘት፣ የኮአክሱን ጽሑፍና የአውራ ጣቱን ሥፍራ በአንደኛ፣ በሁለተኛ፣ በሦስተኛ እያሉ ክሱን አሰሙት። ልጁ እስከ መጨረሻው ድረስ ሳያቋርጥ ካዳመጠ በኋላ፣ ምንም ሳይደናገጥ፣ «ታዲያ ጋሼ፣ ስንት ይሰጣሉ?» ሲል ጠየቃቸው።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ክርክር ረጅም ስለነበር አልተርከውም። ልጁ አውራ ጣቱን አንሥቶ ስቲከሩን አሳየ፤ የማንም ስም የሌለበት፣ «ኤልኢዲ ቲቪ» ብቻ የሚል፣ ኤሌክትሪኩም ከ100 እስከ 240 ቮልት የሆነ ስቲከር ነበር። ጋሽ ታደሰ ስም ለሌለው 43 ኢንች ኤልኢዲ በሚገባው ዋጋ ተስማሙና፣ ሊመጡ መንገድ ሲጀምሩ ልጁ መልሶ ደወለ።

«ጋሼ፣ ከመምጣትዎ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ሳምሰንግ የሚለውን ልላጠው ወይስ ይቆይ?»

ጋሽ ታደሰ ጥቂት አሰቡ።

«ተወው ልጄ» አሉት፤ «ለፋሲካ እንግዳ ይመጣል።»